«የድርጅቱ ገንዘብ ነው፣ አንተ ምንም አትከስርም» ለሚሉን



ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዘዋወር አንድ ንግግር አለ። እንዲህ ይላል፦ «የራስህን ገንዘብ አታስይዝም። ድርጅቱ መቶ ሺህ ዶላር ይሰጥሃል። ካተረፍክ ሰማንያ ፐርሰንቱ ያንተ ነው፣ ከከሰርክ ኪሳራው የድርጅቱ ነው። ስለዚህ ሐላል ነው።» ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእውነት የምትቀርበው ሰማንያ ፐርሰንቷ ብቻ ናት፤ እሷም ብዙ ቅድመ ሁኔታ አለባት። የቀረውን ግን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ይህን ንግግር አምነው የዕቁብ ብራቸውን የከፈሉ፣ እህታቸው ከሳዑዲ የላከችላቸውን የከፈሉ ልጆች ከመግሪብ በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ አጠገባችን ነው የሚቀመጡት።

ነገሩን ላልሰማ ሰው በአጭሩ እንንገር። ፕሮፕ ፈርም የሚባሉት ድርጅቶች በኢንተርኔት «ቻሌንጅ» የሚሉትን ፈተና ይሸጣሉ። ትከፍላለህ፤ በሜታትሬደር ወይም እሱን በመሰለ መተግበሪያ የሚከፈት አካውንት ይሰጥሃል፤ ላዩ ላይ 10,000 ወይም 100,000 ዶላር ተጽፏል። በተለመደው አካሄድ በመጀመሪያው ዙር ከ8 እስከ 10 ፐርሰንት፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ 5 ፐርሰንት እንድታተርፍ ትጠየቃለህ። በአንድ ቀን 5 ፐርሰንት፣ በጠቅላላው ደግሞ 10 ፐርሰንት ከከሰርክ አካውንቱ ይዘጋል፤ የከፈልከውም እዚያው ይቀራል። ሁለቱን ዙር ካለፍክ «ፈንድድ» ተባልክ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ካተረፍክ ድርሻህን ትጠይቃለህ። ይህን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ መቀመጫውን ፕራግ ያደረገው ኤፍቲኤምኦ ነው። ሌሎቹም በቁጥሩ ትንሽ ይለያዩ እንጂ መንገዳቸው ተቀራራቢ ነው።

እንግዲህ «ይሰጥሃል» ከሚለው ቃል እንጀምር። ማንም ምንም አይሰጥህም። ኤፍቲኤምኦ ራሱ በድረ ገጹ ላይ ለደንበኞቹ የሚሰጣቸው አካውንቶች የዴሞ አካውንቶች እንደሆኑና ላያቸው ላይ ያለው ገንዘብ የምናብ ገንዘብ እንደሆነ ጽፎታል። ልብ በሉ፣ ድርጅቱ አልደበቀውም። የደበቁት ሊንኩን የላኩልህ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ድርጅቶች «ፈንድድ» በሚሉት ደረጃም ቢሆን አካውንቱ ከዴሞነት አይወጣም። ስለዚህ አንተ የገዛኸው የመቶ ሺህ ዶላር ካፒታል አይደለም። የገዛኸው ሕግ የወጣለት ፈተና ነው፤ ዋጋውም ተመላሽ የሚሆነው ካለፍክና የመጀመሪያውን ክፍያ ከተቀበልክ ነው፤ እሱም ድርጅቱ እመልሳለሁ ካለ።

«የራስህን ገንዘብ አታስይዝም» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። የፈተናው ዋጋ መቶ ዶላር ከሆነ ያስያዝከው መቶ ዶላር ነው። ይህ ደግሞ ለብዙዎቻችን ከአንድ የሱቅ ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ወር ሙሉ ቆሞ ያገኘውን ልጅ «ምንም አልከሰርክም» ብንለው እናፍራለን።

አሁን ጀማሪው ሊያየው ወደሚገባው ወደ ዋናው ቁጥር እንምጣ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው 10,000 ዶላር ነው። በትንሹ የሚጻፈው የኪሳራ ወሰኑ ነው። ያንተ አካውንት መጠን ግን ትንሿ ቁጥር ናት። አካውንቱ 10 ፐርሰንት ሲከስር የሚዘጋ ከሆነ ልትነካው የምትችለው 1,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የቀረው 9,000 ዶላር ስክሪን ላይ የተሳለ ስዕል ነው። በመጀመሪያው ዙር የምትጠየቀው ትርፍ 800 ዶላር ከሆነ፣ ማስታወቂያው «8 ፐርሰንት ብቻ» ይልሃል፤ በእጅህ ካለው ከ1,000 ዶላሩ አንጻር ሲታይ ግን የተጠየቅከው 80 ፐርሰንት ነው። በራሱ አንድ ሺህ ዶላር ይዞ ገበያ ወጥቶ በአጭር ጊዜ 80 ፐርሰንት አተርፋለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ሽማግሌዎቻችን ምን እንደሚሉት እናውቃለን።

ከዚህም የሚከፋው የወሰኑ ዓይነት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የማይንቀሳቀስ ወሰን ነው፦ 10,000 ብለህ ጀምረህ ወለሉ 9,000 ላይ ከሆነ፣ ብታተርፍም ባታተርፍም ወለሉ እዚያው 9,000 ላይ ይቆያል። ሁለተኛው ትሬሊንግ የሚሉት፣ ከኋላህ እየተከተለ የሚወጣ ወሰን ነው። አንተ ከፍ ስትል ወለሉም አብሮህ ከፍ ይላል፤ አንተ ስትወርድ ግን እሱ አይወርድም። ርካሽ የሆኑት ቻሌንጆች፣ በተለይም «አንድ ዙር ብቻ» ወይም «ያለ ፈተና ወዲያው ፈንድድ» ተብለው የሚሸጡት፣ ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት የያዙ ናቸው። የረከሱትም በከንቱ አይደለም።

ይህ ወሰን እንዴት እንደሚሠራ ከአንድ ወንድማችን አካውንት ላይ ቁጭ ብለን አይተነዋል። ስሙን አንጠራም፣ ቁጥሩን ግን ለማስተማሪያ እንዲሆን አስፈቅደነዋል። የ10,000 ዶላር አካውንት ገዛ፤ ወሰኑ 6 ፐርሰንት ትሬሊንግ ነው። ስለዚህ ሲጀምር ወለሉ 9,400 ነው። «እስከ 600 ዶላር መክሰር እችላለሁ» ብሎ ነበር የተረዳው፤ እኛም ብንሆን እንደዚያው እንረዳው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ወርቅ ገዛ፣ በ0.2 ሎት። የወርቅ አንድ ሎት መቶ አውንስ ነው፤ 0.2 ሎት ሀያ አውንስ ነው። ስለዚህ ወርቅ በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ የእሱ አካውንት በ20 ዶላር ይንቀሳቀሳል። ዋጋው 25 ዶላር ወጣለት፤ ስክሪኑ ላይ የ500 ዶላር ትርፍ አየ፣ ደስ አለው፣ አልዘጋውም። ትንሽ ቆይቶ ዋጋው ተመለሰ። ፈርቶ ሲዘጋው የቀረው የ3 ዶላር ልዩነት፣ ማለትም 60 ዶላር ነበር። Balance የሚለው ላይ 10,060 ተጻፈ። አትርፏል፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ ተኛ።

በማግስቱ እንደገና ወርቅ ገዛ፣ በዚያው በ0.2 ሎት። ዋጋው 8 ዶላር ወረደ። አካውንቱ ተዘጋ። «ሌቦች ናቸው!» እያለ ስልኩን ይዞ መጣ። እኛም መጀመሪያ አብረነው ተቆጣን። 8 ዶላር በ20 ሲባዛ 160 ዶላር ነው፤ አካውንቱ 9,900 ላይ ነው ያለው፤ ከመነሻው የጎደለው መቶ ዶላር ብቻ ነው። ተፈቅዶለት የነበረው 600 አልነበረም እንዴ?

መልሱ ስክሪኑ ላይ Equity በሚለው ቃል ውስጥ ነበር። Balance የተዘጋ ትሬድህ ውጤት ነው። Equity ግን ገና ያልዘጋኸውን ትርፍና ኪሳራ ጨምሮ በዚያች ደቂቃ ያለህ ነው። የእሱ ድርጅት ወሰኑን የሚያሰላው ከከፍተኛው Equity ተነስቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ 500 ዶላር ትርፍ ሲታይ Equity 10,500 ደርሷል። በዚያች ደቂቃ ወለሉ ከ9,400 ተነስቶ 9,900 ላይ ወጣ፤ ዳግመኛም አልወረደም። ስለዚህ በ10,060 ሲተኛ እጁ ላይ የነበረው የ600 ዶላር ትንፋሽ አልነበረም፤ 160 ዶላር ነበር። ኪሱ ያልገባው ትርፍ ወለሉን ከፍ አደረገበት። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ወይም የዋጋ ንረት ሪፖርት በሚወጣበት ሰዓት ወርቅ 8 ዶላር ለመውረድ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሌብነት ነበር? አይደለም። በድርጅቱ የደንብ ገጽ ላይ ተጽፏል። ልጁ ግን ያንን ገጽ አልከፈተም፤ ሊንኩን የላከለትም አላስከፈተውም። የእኛ ጥል ከዚህ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት የድርጅቱን የደንብ ገጽ ክፈትና trailing የምትለውን ቃል ፈልግ። ካገኘሃት ወሰኑ በBalance ነው ወይስ በEquity የሚሰላው ብለህ ጠይቅ፤ ወለሉ መነሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይስ ዝንተ ዓለም ይከተልሃል ብለህም ጠይቅ። ጥያቄውን ለድርጅቱ በጽሑፍ ላክ፣ መልሱንም ፎቶ አንሳው። መልስ የማይሰጥህ ድርጅት መልስ ሰጥቶሃል።

የቀን ወሰኑም የራሱ ወጥመድ አለው፤ እሱን ቶሎ እንለፈው። «ቀን» የሚባለው የኛ ቀን አይደለም። ብዙዎቹ የአውሮፓን እኩለ ሌሊት ይከተላሉ። የፕራግ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ እንደ ወራቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ዒሻ ሰግደህ ትሬድ ከፍተህ ብትተኛ፣ በእንቅልፍህ መሃል የአንዱ ቀን ሂሳብ ተዘግቶ የሌላው ይከፈታል። አንዳንዱ ድርጅት አዲሱን ወሰን ያልዘጋኸውን ትርፍ ጨምሮ ያሰላዋል፤ ያ ትርፍ እስከ ፈጅር ከጠፋ እንደ ኪሳራ ይቆጠርብሃል። ስለዚህ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ እንደሚሰላ እወቅ።

«ያለፈው ሰው ችሎታ ስላለው ነው፤ ፈተና ነው እንጂ ቁማር አይደለም» የሚሉንም አሉ። እስኪ ይህን በሂሳብ እንየው። አንድ ሰው ምንም ሳያውቅ ሳንቲም እየወረወረ «ዘውድ ከሆነ እገዛለሁ፣ ጎፈር ከሆነ እሸጣለሁ» ቢል፣ ወጪ ባይኖርና የቀን ወሰን ባይኖር፣ 10 ፐርሰንት ከመክሰሩ በፊት 8 ፐርሰንት የማትረፍ ዕድሉ ከ18 አሥር ነው። ሁለተኛውን የ5 ፐርሰንት ዙር የማለፍ ዕድሉ ከ15 አሥር ነው። ሁለቱንም የማለፍ ዕድሉ አንድ ላይ ከመቶ 37 ገደማ ይሆናል። በተግባር ስፕሬዱ፣ ኮሚሽኑና የቀን ወሰኑ ይህን ቁጥር ያወርዱታል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፦ ምንም የማያውቅ ሰው ደጋግሞ ከከፈለ አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ያን ቀን የሰርተፍኬቱን ፎቶ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ያለፉትን አምስት ክፍያዎች ግን አይለጥፍም። እናንተም ፎቶውን አይታችሁ «ማሻአላህ» ትላላችሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ሊንክ ይላክላችኋል።

ሊንኩ ላይ ትንሽ እንቁም። «በኔ ኮድ 20 ፐርሰንት ቅናሽ» የሚለው ወንድም ቅናሹን የለመነልህ ከአዘኔታ ብቻ አይደለም። ኮዱ የእሱ መታወቂያ ነው፤ በኮዱ በከፈልክ ቁጥር ከክፍያህ ላይ ኮሚሽን ይደርሰዋል። ወድቀህ እንደገና ብትከፍል ብዙ ጊዜ እንደገና ይደርሰዋል። ስለዚህ የሱ ገቢ ከማለፍህ ጋር አልተያያዘም። ደላላ መሆን ሐራም ነው አላልንም፤ ገበያችን በደላላ የተሞላ ነው። የቤት ደላላ ግን ደላላ መሆኑን ይነግርሃል። ይህኛው «ወንድምህ ነኝ፣ ለኡማው ነው» ብሎ ነው የሚመጣው። የሚመክርህን ሰው በቀጥታ ጠይቀው፦ እኔ ስከፍል አንተ ስንት ታገኛለህ?

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ። አካውንቱ ዴሞ ከሆነ፣ አሸናፊው የሚከፈለው ከየት ነው? በምናብ ገንዘብ የተገኘ ትርፍ ገበያ ውስጥ የለም። የወርቁን ትሬድ ማንም አልሸጠልህም፣ ማንም አልገዛህም። አንዳንድ ድርጅቶች ጎበዝ ያሏቸውን ትሬደሮች ትሬድ በራሳቸው ገንዘብ እውነተኛ ገበያ ላይ እንደሚደግሙት ይናገራሉ፤ ይህ ከሆነ ከዚያ የሚገኝ ትርፍ አለ። ከውጭ ሆነህ ግን ልታየው አትችልም። ካልሆነ የሚቀረው ምንጭ አንድ ነው፦ የወደቁት የከፈሉት ክፍያ። ባንተ ፔይአውት ውስጥ የዚያ የሱቅ ልጅ የወር ደመወዝ አለበት ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ዓለም ያወቀው አንድ ታሪክ አለ፤ ሁለቱም ወገን አዛብቶ ስለሚያወራው እኛ እንዳለ እንናገረው። ማይ ፎሬክስ ፈንድስ የሚባለውን ድርጅት የአሜሪካው የወደፊት ውል ግብይት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ከሰሰው። ክሱ ድርጅቱ ከ135 ሺህ በላይ ደንበኞች ቢያንስ 310 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ እንደሰበሰበ፣ በአብዛኛው ትሬድ ላይም ከደንበኛው በተቃራኒ የቆመው ራሱ ድርጅቱ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ንብረቱ ታገደ፣ ሥራው በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ፔይአውት ሲጠብቅ የነበረው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዳግም እንዳይነሳ አድርጎ ዘጋው፣ ኮሚሽኑንም ቀጣው። ምክንያቱ ኮሚሽኑ ለፍርድ ቤቱ ባቀረበው ነገር ላይ የፈጸመው ጥፋት ነበር። ስለዚህ «ሌባ መሆኑ ተረጋገጠ» የሚለው ውሸት ነው። «ፍርድ ቤት ሥራው ንጹሕ ነው ብሎ መሰከረ» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ፍርዱ የተሰጠው በከሳሹ ምግባር ላይ ነው። ለጀማሪው የሚጠቅመው ግን ከዚህ ሌላ ነው። ድርጅቱ ጥፋተኛ ሆነም አልሆነ ገንዘቡን ጠብቆ የቀረው ትሬደሩ ነው፤ ያለው ሰነድ የባንክ ሂሳብ አይደለም፣ ከአንድ ድርጅት ጋር የገባው ውል ብቻ ነው።

ከዚያ ክስ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የሜታትሬደር ባለቤት የሆነው ሜታኮትስ በፕሮፕ ፈርሞች ላይ ጠንከር አለ፤ በርካታ ድርጅቶች በድንገት መድረኩን አጡ። ትሩ ፎሬክስ ፈንድስ የሚባለው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ማንም ሰርቆ አይደለም፤ የሚሠሩበት ሶፍትዌር የሌላ ሰው ስለነበር ነው። ስለዚህ «ስንት ዓመት ቆየ?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ፐርሰንት ይሰጣል?» ከሚለው ይቀድማል። ሰማንያም ይበል ዘጠና፣ የሌለ ድርጅት የሚያካፍልህ ነገር የለውም። የሚከፍሉ ድርጅቶች እንዳሉ አንክድም፤ የተከፈላቸውን ወንድሞችም እናውቃለን።

«ስለዚህ ሐላል ነው» የሚለውስ? እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ኡስታዞቻችን እግር ሥር የተቀመጥን ተማሪዎች ነን። ፈትዋ አንሰጥም። ነገር ግን ለዓሊሙ የሚቀርበው ጥያቄ ተጣምሞ እየቀረበ እንደሆነ እናያለን። ልጁ ሄዶ «ሸይኻችን፣ ከስዋፕ ነፃ በሆነ አካውንት መነገድ ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ስዋፕ ትሬድ ሲያድር የሚታሰብ ወለድ ነው። «ኢስላሚክ አካውንት» ሲባል የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን እሱ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ መቅረብ አለበት፦ «መቶ ዶላር እከፍላለሁ። በሌለ ገንዘብ፣ በእውነት የማይገዛና የማይሸጥ ወርቅ ላይ እነግዳለሁ። ዒላማው ላይ ከደረስኩ ይከፈለኛል፤ ካልደረስኩ ገንዘቤ ይቀራል። የምከፈለውም ካልደረሱት ከተሰበሰበው ሊሆን ይችላል። ይህ ውል ምን ይባላል?» አንዳንዶች «ጁዓላ ነው፣ ሥራ ለሠራ የሚሰጥ ሽልማት ነው» ይላሉ። በጁዓላ ግን ሠራተኛው ሥራውን ለመሞከር አይከፍልም፤ የጠፋ በግ ለሚያመጣልህ ሰው «መጀመሪያ መቶ ዶላር አምጣ» አትለውም። ከፍሎ ገብቶ፣ ወይ በብዙ መውጣት ወይ የከፈሉትን ማጣት የሚመስለው ሌላ ነገር እንዳለ ፊቅህ የቀራ ሁሉ ያውቃል። ጥያቄውን ሳይቆርጡ ወስዶ የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ነው። ወላሁ አዕለም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጉድ እንናገር፤ ሰውን ብቻ መውቀስ አይሆንም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አራት ሆነን አዋጥተን አንድ ቻሌንጅ ገዝተን ነበር። በአንዳችን ስም ተመዘገበ፣ በየተራ ከየስልካችን ገባን፤ አንዱ በቪፒኤን፣ አንዱ በቢሮ ዋይፋይ። የምንነግደውም ከአንድ ቴሌግራም ቻናል በሚመጣ ሲግናል ነበር። በአላህ ፈቃድ ሁለቱንም ዙር አለፍን፤ ትንሽም አተረፍን። ፔይአውት ስንጠይቅ አካውንቱ ተዘጋ፤ ምክንያቱም አንድ አካውንት ለብዙ ሰው መጋራት ክልክል ነው ተባለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ድርጅቱን ስንረግም ከረምን። በኋላ ደንቡን ስንከፍተው ተጽፎ አገኘነው። ሌላም ተጽፎ ነበር፦ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ትሬድ በአንድ ሰዓት ከከፈተ እንደ ቅጂ ይቆጠራል፣ ትርፉም ሊሰረዝ ይችላል። በአንድ ቻናል ሲግናል የሚነግድ የአንድ ሰፈር ልጅ ሁሉ ይህችን መስመር ማንበብ አለበት። ከኪሳራው ይልቅ ያሳፈረን ከመዘጋቱ በፊት ሊንኩን ለሌሎች ስድስት ልጆች መላካችን ነው።

consistency የምትባል ቃልም አለች፤ ደንቡ ውስጥ ፈልጋት። ከጠቅላላ ትርፍህ በአንድ ቀን የተገኘው ከተወሰነ ድርሻ በላይ ከሆነ ፔይአውቱን የሚያስቆም ደንብ ናት። በዜና ሰዓት መነገድ የሚከለክልም አለ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ፈተናው ላይ ሳይሆን ካለፍክ በኋላ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ የፈተናውን ደንብ ብቻ አንብቦ መክፈል ግማሹን ማንበብ ነው።

ከሀገራችን ጋር የተያያዘም አለ። መታወቂያህ የሚጣራው አብዛኛውን ጊዜ ስትመዘገብ አይደለም፣ ካለፍክ በኋላ ነው። ድርጅቱ የማያስተናግዳቸውን ሀገሮች ዝርዝር ከመክፈልህ በፊት እይ፤ ኢትዮጵያ ካለችበት ክፍያህን የሚቀበሉህ መስለው ፔይአውት ላይ ሊያቆሙህ ይችላሉ። ስምህን ስትሞላ ፓስፖርትህ ወይም ፋይዳህ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳታዛንፍ ሙላ። የኛ ስም በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ አንዱ «ሙሐመድ» በአራት መልክ ይጻፋል። በጓደኛ ካርድ መክፈልም ብዙ ቦታ የሦስተኛ ወገን ክፍያ ተብሎ ይከለከላል። ፔይአውቱ በክሪፕቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ግብይት ሕጋዊ እንዳልሆነ ማሳወቁን አስታውስ። ዩኤስዲቲውን ለማታውቀው ሰው ሸጠህ ሂሳብህ ላይ የሚገባው ብር ከየት እንደመጣ ላታውቅ ትችላለህ፤ ጥያቄ የሚነሳበት ግን ባንተ ስም ያለው ሂሳብ ነው።

ያ የወርቁ ወንድማችን ባለፈው ጁሙዓ ሌላ ሊንክ ይዞ መጣ። ይህኛው ርካሽ ነው፣ አንድ ዙር ብቻ ነው አለን። አልተቆጣነውም። ዋጋው ገጽ ላይ ሳይሆን ደንቡ ገጽ ላይ አብረን ገባን፤ ወሰኑ ትሬሊንግ ነው፣ በEquity ነው፣ መነሻው ላይ ሲደርስም አይቆምም። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ የዚያን የወርቅ ትሬድ በአዲሱ ደንብ ራሱ አሰላው፤ በ4 ፐርሰንት ወሰን የመጀመሪያው ቀን ላይ ወለሉ 10,100 ደርሶ፣ በ10,060 ከመዝጋቱ በፊት አካውንቱ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ያለ ክፍያ ዴሞ ከፍቶ ወለሉን በየቀኑ ደብተር ላይ እየጻፈ ሦስት ወር ሊሞክር ተስማማን። ደብተሩን እኛ ጋ ነው ያስቀመጠው።